ለቀጭን ወጣት፦ የቀኑን ትርፍ ካሎሪ ከየት ማምጣት ይሻላል?

ቀጭን ሆኖ ጡንቻ ማውጣት የሚፈልግ ወጣት አዘውትሮ የሚሰማው ምክር «ብዙ ብላ» የሚል ነው። ምክሩ ስህተት የለበትም፣ ችግሩን ግን አይፈታም። ሆዱ ቶሎ የሚሞላ ሰው ምሳ ላይ ግማሽ እንጀራ ቢጨምር እራቱን ሳያውቀው ይቀንሳል። ቅዳሜ ግብዣ ላይ ጠግቦ ቢበላ እሑድ ምግብ ይዘጋዋል። ሳምንቱ ሲደመር የበላው ያው የበፊቱ ይሆናል፣ እሱ ግን «ብዙ እየበላሁ አልወፍርም» ይላል።

ስለዚህ መነጻጸር ያለበት የትኛው ምግብ «ያወፍራል» የሚለው አይደለም። የሚቀጥለውን ምግብ የማይሻማ፣ በጾም ቀን የማይቋረጥ፣ ለወራት ቢገዛ ኪስ የማያራቁት ጭማሪ የቱ ነው የሚለው ነው። አራት መንገዶች አሉ፦ የሚጠጣ፣ የሚቆረጠም፣ ወጥ ላይ የሚጨመር ቅባት፣ እና ከሱቅ የሚገዛ የታሸገ ዱቄት። ለአብዛኛው ቀጭን ወጣት የሚጠጣው ያሸንፋል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱን ከታች እናያለን። የሌሎቹም ቦታ አለ።

መጀመሪያ፦ ቅጥነቱ ከምን መጣ?

ከልጅነት ጀምሮ ቀጭን የሆነና ኪሎው ሳይለዋወጥ የቆየ ሰው ወደ ምግቡ መሄድ ይችላል። ሳያስበው ኪሎ የቀነሰ ሰው ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብና ትኩሳት የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ብዙ ውኃ መጠማትና ቶሎ ቶሎ መሽናት ስኳርን ያስጠረጥራል። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ሙቀት አለመቻል ደግሞ የታይሮይድ ዕጢን። የሚመላለስ ተቅማጥና የሆድ መነፋት ካለ የሰገራ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ጃርዲያ ያለበት ሰው የበላው በደንብ አይሰርጽለትም። እነዚህ ባሉበት ኦቾሎኒ መጨመር ጊዜ ማባከን ነው።

ጫት የሚቅምም ሰው ሌላውን ሁሉ ከማስላቱ በፊት ይህን ይወቅ፦ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ቅሞ እራት የሚዘል ሰው የጎደለውን በምንም ዓይነት መጠጥ አይሞላውም። ሲጋራም፣ ከምግብ በፊት የሚጠጣ ቡናም በመጠኑ እንደዚያው ናቸው። ቡናውን ከምግብ በኋላ ማድረግ ብቻውን አንዳንዱን ሰው ይረዳል።

ምን ያህል ነው የሚጨመረው?

ኪሎህ ለሁለትና ሦስት ወር ካልተለወጠ አሁን የምትበላው በትክክል የምታቃጥለውን ያህል ነው ማለት ነው። ስለዚህ በቀመር መራቀቅ አያስፈልግም። አሁን በምትበላው ላይ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መጨመር በቂ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ሲጨመር ጡንቻው በዚያው ልክ ፈጥኖ አይሠራም፤ ትርፉ ወደ ስብ ይሄዳል። 55 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ጥሩው ፍጥነት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ግራም፣ በወር ደግሞ አንድ ኪሎ አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ፕሮቲን ነው። ክብደት እያነሳ ጡንቻ ለሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ወደ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ለ55 ኪሎ 88 ግራም ይሆናል። ከዚህ ቢያንስ ጡንቻው አይሠራም ማለት አይደለም፣ ይዘገያል እንጂ። ከዚህ በጣም ቢበዛ ግን የሚታይ ጥቅም የለውም፤ ይልቁንም ፕሮቲን ራሱ ቶሎ ስለሚያጠግብ ቀጭኑን ሰው ሌላ ምግብ ያሳጣዋል።

አንዳንዱ ሰው ጨምሮ እየበላም ለምን አይንቀሳቀስም? በ1999 አሜሪካ ውስጥ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች 16 ሰዎችን ለ8 ሳምንት በየቀኑ 1,000 ትርፍ ካሎሪ አበሏቸው። ሁሉም እኩል ትርፍ ቢበሉም የጨመሩት ስብ ከግማሽ ኪሎ በታች እስከ 4 ኪሎ በላይ ተለያየ። ልዩነቱ በዋነኛነት የመጣው ሰዎቹ ሳያስቡት በሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነው፦ መቁነጥነጥ፣ መነሳት፣ መቆም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት። አንተም ከነዚያ ሰዎች ከሆንክ ጭማሪህ ከጓደኛህ ጭማሪ ሊበልጥ ይገባል። በእሱ ልክ በልተህ «አልሠራልኝም» አትበል።

የሚጠጣው፦ በሶ፣ ወተትና ኦቾሎኒ

ፈሳሽ ካሎሪ ከጠጣር ምግብ ያነሰ ያጠግባል። ለሚወፍር ሰው ይህ አደጋው ነው፣ ለቀጭን ሰው ግን መውጫው። 500 ካሎሪ በእንጀራና በወጥ መልክ ሲመጣ ሙሉ ምሳ ነው፤ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ሲመጣ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ለፍስክ ቀን የሚሆነው ድብልቅ ይህ ነው፦

- 300 ሚሊ ሊትር የተፈላ ወተት (180 ካሎሪ ያህል፣ 10 ግራም ፕሮቲን)
- 2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ (190 ካሎሪ፣ 7 ግራም)
- 1 መካከለኛ ሙዝ (105 ካሎሪ፣ 1 ግራም)
- 3 ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ በሶ (110 ካሎሪ፣ 3 ግራም)

ድምሩ ወደ 585 ካሎሪና 21 ግራም ፕሮቲን ነው። ብሌንደር የሌለው ሰው ሙዙን በሹካ ደፍጥጦ፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን በትንሽ ሙቅ ወተት አቅጥኖ፣ በሶውን በመጨረሻ እያማሰለ ይጨምር። ክዳኑ በሚጠብቅ የውኃ ጠርሙስ መናጥም ይሠራል። በሶው ከቆየ ስለሚጠጥር እንደተበጠበጠ ይጠጣ።

ለጾም ቀን በወተቱ ፈንታ ውኃ ይሁንና በሶው ወደ 6 ማንኪያ ይደግ፣ የኦቾሎኒ ቅቤውና ሙዙ እንዳሉ ይቆዩ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨመር። ወደ 560 ካሎሪ ይመጣል። ፕሮቲኑ ግን ወደ 14 ግራም ይወርዳል፤ የጎደለውን ከወጥ መሙላት ያስፈልጋል። ስኳር ያልተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት የሚያገኝ ሰው በውኃው ቦታ ቢያደርገው ፕሮቲኑ ከላም ወተቱ ድብልቅ ጋር ይቀራረባል።

የሚጠጣበት ሰዓት ከሚጠጣው ነገር ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። ብዙ ሰው ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣውና ቁርሱን ይተወዋል። ያኔ የጨመረው ነገር የለም፣ ቀየረ እንጂ። የሚሻለው እራት ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሻማው ምግብ የለምና። እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚበላ ሰው 3 ሰዓት ላይ ይጠጣው፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይተኛ ይቆይ። ጠጥቶ ወዲያው መተኛት ቃር ያመጣል።

የሚበላሽባቸው ነጥቦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ወተት ለብዙ አዋቂ ኢትዮጵያውያን በቀላሉ አይፈጭም፤ በጠጡ በሰዓታት ውስጥ መነፋት፣ ጉርምርምታና ተቅማጥ ካመጣ ምክንያቱ በወተቱ ውስጥ ያለው ላክቶስ የሚባል ስኳር ነው። እርጎ በብዙ ይሻላል፣ ምክንያቱም የተወሰነው ስኳር ሲረጋ ስለሚቀንስ ነው። ሁለተኛ፣ ከላም ቤት በቀጥታ የመጣ ወተት ይፈላ። ጥሬ ወተት ብሩሴላና የከብት ነቀርሳ ያስተላልፋል፤ የሚፈላው ወተት ደግሞ ካሎሪውም ፕሮቲኑም አይጠፋበትም። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን መጠን መጠጣት ሆድ ያውካል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በግማሽ ይጀመር።

ጥሬ እንቁላል ሰብረው የሚጨምሩበትም አሉ። ሰውነት ከጥሬ እንቁላል የሚወስደው ፕሮቲን ከበሰለው ግማሽ የሚበልጠውን ያህል ብቻ ነው፤ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ተህዋስም ሊኖርበት ይችላል። እንቁላሉን ቀቅሎ መብላት ርካሽም ጤናማም ነው።

የጁስ ቤት አቮካዶስ? ካሎሪ አለው፣ ፕሮቲኑ ግን ከቁጥር አይገባም፤ በዚያ ላይ ብዙው ጣዕም ከስኳር ሽሮፕ ነው። አልፎ አልፎ ይጠጣ፣ ዋና መንገድ ግን አይደለም። ለስላሳ ደግሞ ከነጭራሹ ሊቆጠር አይገባም፤ ጥርስ ይጎዳል፣ ለጡንቻ የሚሰጠውም የለም።

የሚቆረጠመው፦ ኦቾሎኒና ቆሎ

50 ግራም ቆሎ የተደረገ ኦቾሎኒ፣ ማለትም ሞላ ያሉ ሁለት እፍኝ የማይሆን፣ ወደ 285 ካሎሪና 13 ግራም ፕሮቲን አለው። በኪስ ይያዛል፣ ጾም አይከለክለውም፣ ማብሰያ አይፈልግም። ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ቦታ ለሚውል ሰው ከዚህ የሚቀል የለም።

የገብስ ቆሎ ብቻውን ግን ለዚህ ዓላማ ደካማ ነው። በተመሳሳይ 50 ግራም 185 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ለማኘክ ጊዜ ይወስዳል፣ መንጋጋ ያደክማል፣ ውኃ ስለሚያስጠጣ ሆድ ይሞላል። ገብሱን ቀንሶ ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ያበዛ ድብልቅ ይሻላል። ለምሳሌ ከአራት እጅ ሁለቱ ኦቾሎኒ፣ አንዱ የሽምብራ ቆሎ፣ አንዱ ገብስ።

ደካማው ጎን ማጥገቡ ነው። ምሳ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው የተቆረጠመ ኦቾሎኒ ምሳውን ይበላዋል። ከምሳ በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ቢሆን ከእራቱ ይርቃል።

ኦቾሎኒ ሲገዛ ዓይንም ምላስም ይሥራ። የሻገተ፣ የጨማደደ፣ ጠቆር ያለ ወይም የሚመር ፍሬ ይጣል። እርጥበት ባለበት የተከማቸ ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በየቀኑ ለወራት ለሚበላው ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የኦቾሎኒ ቅቤም ላይ ችግሩ ይበረታል፣ ተፈጭቶ ስለሚመጣ መጥፎውን ፍሬ መለየት አይቻልምና። የሚቻል ከሆነ ፍሬውን ለቅሞ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ይመረጣል።

ወጥ ላይ የሚጨመረው ቅባት

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ሽሮ ላይ ሲገባ በዓይንም በሆድም ብዙ አይታወቅም። ግማሽ አቮካዶ ከምሳ ጋር ወደ 160 ካሎሪ ይጨምራል። ከሁሉም ርካሹና ድካም የሌለው መንገድ ይህ ነው። ወጡ ለቤተሰብ ከሆነ እናትህ እንድትለውጠው መጠየቅም አያስፈልግም፤ የራስህ ትሪ ላይ ማድረግ ትችላለህ።

እዚህ ላይ ስለ እንጀራ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የእንጀራ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ እንጀራ መጨመር ሆድ ለሚሞላው ሰው ውድ ጭማሪ ነው። በአንዱ እንጀራ ላይ ያለውን ወጥ ማወፈር ይሻላል፦ ቀጭን ሽሮ ከሆነ ወፍራም ሽሮ፣ አንድ ጭልፋ ምስር ከሆነ ሁለት። የድርቆሽ ፍርፍር ደግሞ እንጀራውን ራሱን ይለውጠዋል፤ ውኃው ወጥቶ በምትኩ ዘይትና ቁሌት ስለሚገባ በእፍኝ ልክ የሚይዘው ካሎሪ ይጨምራል። ጨጨብሳም ለቁርስ እንዲሁ ነው።

ጭኮን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ 60 ግራም በሶ በ30 ግራም ንጥር ቅቤ ቢታሽ 485 ካሎሪ ገደማ ይሆናል፣ ሲታይ ግን መዳፍ አይሞላም። መንገደኛና አራሽ የሚይዘው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሚያሳስበው በየቀኑ መሆኑ ነው። ቅቤም ሆነ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ኮሌስትሮልን የሚያወጣ ስብ ይበዛባቸዋል። ለየዕለቱ የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይሁን፤ ጭኮው ለሳምንት አንድ ሁለቴ።

ቅባት ፕሮቲን የለውም። በዘይት ብቻ ኪሎ የጨመረ ሰው ወገቡ እንጂ ክንዱ አይለወጥም። ስለዚህ ይህ መንገድ ከሚጠጣው ጎን የሚቆም ረዳት ነው፤ ብቻውን አይበቃም።

ታሽጎ የሚሸጠው

«ማስ ጌይነር» ተብሎ በትልልቅ ጣሳ የሚሸጠው ዱቄት ውስጥ አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን፣ ማለትም ከእህል ስታርች የሚሠራ በቶሎ የሚፈጭ ካርቦሃይድሬት ነው። ጣሳው ላይ «1,000 ካሎሪ» ሲል አንድ መጠን ከ250 ግራም በላይ ዱቄት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ጣሳ በአሥርና በአሥራ አምስት ቀን ያልቃል። በሶና ኦቾሎኒ የሚሰጡትን ነገር በብዙ እጥፍ ዋጋ መግዛት ነው። አንድ ሰው ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ልላክልህ ካለው ከጌይነር ይልቅ ከወተት የሚወጣውን ተራ የዌይ ፕሮቲን ዱቄት ያስመጣ፤ 30 ግራሙ 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ምግቡን ከቤት ያገኛል።

ከታሸጉት ሁሉ ጥቅሙ በደንብ የተረጋገጠው ጡንቻ ለከባድ ሥራ ጉልበት እንዲያገኝ የሚረዳው ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም፣ በየቀኑ፣ በማንኛውም ሰዓት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ኪሎ በአብዛኛው ጡንቻ ውስጥ የገባ ውኃ ስለሆነ አይታለሉበት። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው። ክሬቲን የሌለበት ሰው ብዙ አልጎደለበትም፤ ምግቡና ስፖርቱ ሳይያዙ ግን ክሬቲን የሚሠራው ነገር የለም።

አምስተኛ መንገድ ብለን ያልቆጠርነው አለ፦ ያለ ማዘዣ የሚገኝ «የሚያወፍር ኪኒን»። ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሰን ወይም ሳይፕሮሄፕታዲን ነው። ዴክሳሜታሰን ፊት ያሳብጣል፣ ውኃና ስብ ያከማቻል፣ ጡንቻን ግን ያፈርሳል፤ የደም ስኳር ያወጣል፣ የሰውነት መከላከያን ያዳክማል፣ ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ማቆሙ ራሱ ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን የምግብ ፍላጎት ያስነሳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ሲቆም ፍላጎቱም አብሮ ይሄዳል። ጡንቻ ለሚፈልግ ሰው ሁለቱም አይሆኑም።

ሥጋን በተመለከተ፦ ጥሬ ሥጋና ለብ ያለ ክትፎ ከተጠበሰው የበለጠ ፕሮቲን የላቸውም፣ ኮሶ ግን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ሰውነት ልጨምር ብሎ ለትል መቀለብ እንዳይሆን ሥጋው ይብሰል።

ክብደት ማንሳቱ፦ ጂም፣ ቤት ወይስ ኳስ?

ትርፉ ካሎሪ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ጡንቻው ከለመደው በላይ ሲጫን ብቻ ነው። ኳስና ሩጫ ለልብ ጥሩ ናቸው፤ በሳምንት አራቴ ኳስ የሚጫወት ሰው ግን የጠጣውን ድብልቅ ሜዳ ላይ ጥሎት ይመጣል። አንድ ሁለቴ ያድርገውና ሌላውን ቀን ለክብደት ይተው።

ጂም የሚመረጥበት ምክንያት ክብደቱን በጥቂቱ እየጨመሩ መሄድ ስለሚያስችል ነው። ቤት ውስጥ ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው 12 ጊዜ የማይችለው በወር ውስጥ 30 ይችላል፣ ከዚያ ይቆማል፤ ጫናው አልጨመረማ። ለዚህ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈታዋል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ በየሳምንቱ በሊትር እየለኩ መጨመር ይቻላል፣ ብዙ ጂም ውስጥ ከሚገኘው ትንሹ ብረት ያነሰ ጭማሪ ነው። ጀሪካኑን በደረት አቅፎ ስኳት፣ ማለትም ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፣ ከመሬት ማንሳት ይሠራበታል። ፑሽ አፑ ላይ ደግሞ አሸዋ የያዘ የጀርባ ቦርሳ።

ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ሙሉ ሰውነት ይበቃል፦ ስኳት፣ የሚገፋ (ቤንች ፕረስ ወይም ፑሽ አፕ)፣ የሚሳብ (ሮው ወይም ፑል አፕ)፣ ከመሬት የሚነሳ። ለእያንዳንዱ 3 ዙር፣ በዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ያህል የምትጨምርበት ጉልበት ሲቀርህ አቁም። ሦስቱንም ዙር 12 ስታደርስ ክብደቱን በትንሹ ጨምረህ ወደ 8 ተመለስ። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ቢያደርገው ባዶ ሆድ ክብደት አያነሳም። እንቅልፉ ከ7 ሰዓት አይነስ።

አንድ ጉዳይ በቁጥር

22 ዓመት፣ 1.75 ሜትር፣ 55 ኪሎ ያለ ተማሪ እንውሰድ። ለቁመቱ ከዝቅተኛው ጤናማ ክብደት (56.7 ኪሎ ገደማ) ትንሽ በታች ነው። ቁርሱ ሻይና ዳቦ፣ ምሳና እራቱ በየጊዜው አንድ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ከሰዓት አንድ ሳምቡሳ። ፕሮቲኑ በግምት 50 ግራም ነው፤ ካሎሪው ኪሎውን ጠብቆ ያቆየዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ነገር ብቻ ይለወጣል። ቁርሱ ላይ በዘይት የተጠበሰ ሁለት እንቁላል ይጨመራል (200 ካሎሪ፣ 12 ግራም ፕሮቲን)። ሳምቡሳው በ30 ግራም ኦቾሎኒ ይተካል፤ ካሎሪው ብዙ አይለይም፣ ፕሮቲኑ ግን በ4 እና 5 ግራም ይጨምራል። ከእራት በኋላ የድብልቁ ግማሽ ይጠጣል (290 ካሎሪ፣ 10 ግራም)። ጭማሪው 490 ካሎሪ ገደማ፣ ፕሮቲኑም 77 ግራም አካባቢ ደረሰ።

በጾም ቀን እንቁላሉ ሲወጣ የሚገባው ፉል ነው። 200 ግራም የበሰለ ባቄላ ወደ 220 ካሎሪና 15 ግራም ፕሮቲን አለው፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ከላይ። እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ የመጀመሪያው ምግቡ ይሄ ይሁንና የጾሙ ድብልቅ ማታ ይከተል። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ይህን ያልያዘ ሰው ከገና ወዲህ የጨመረውን እስከ ፋሲካ ይመልሰዋል።

ሚዛኑ ላይ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ሳይበላ በሳምንት ሦስት ቀን ይወጣና አማካዩን ይጽፋል። ቤት ሚዛን ከሌለ መንገድ ላይ ያለው ሚዛንም ይሠራል፤ ግን ሁልጊዜ ያው ሚዛን፣ ያው ሰዓት፣ ተቀራራቢ ልብስ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ቢዘል ውኃና አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ ነው፣ አይቁጠረው። ከእምብርት ትክክል ወገቡንም በሜትር በወር አንዴ ይለካ።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አማካዩ በሳምንት ከ150 ግራም በታች ከጨመረ ድብልቁን ሙሉ ያደርገዋል። ሙሉ አድርጎ ሌላ ሁለት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ምሳው ላይ ግማሽ አቮካዶ። ከ400 ግራም በላይ እየጨመረ ወገቡ ሲሰፋ ማንሳት የሚችለው ክብደት ካልጨመረ ደግሞ ችግሩ ምግቡ ላይ አይደለም። ድብልቁን ወደ ግማሽ ይመልስና የሠራውን ዙርና ክብደት የጻፈበትን ደብተር ይይ። አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያንኑ ብረት ያንኑ ያህል ጊዜ ሲያነሳ ቆይቷል። 58 ኪሎ ሲደርስ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ከቀድሞው ስለሚበልጥ በ55 ኪሎ የሠራለት መጠን ሊቆምበት ይችላል፤ ያኔ ሌላ 150 ካሎሪ ይጨምራል።